ስትራድል፣ ቡል ስፕሬድና ፕሮቴክቲቭ ፑት፦ የማብቂያ ቀን ግራፋቸው እንዴት ይነበባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ ሁሉ በአሜሪካ ገበያ ዛሬ 100 ዶላር በሚያወጣ አንድ አክሲዮን ላይ ናቸው፤ አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጡት ኦፕሽኖች ከሦስት ወር በኋላ ያበቃሉ፣ ዋጋቸውም ለማስረዳት እንዲመች የተመረጠ ነው፦ የ100 ኮል 6 ዶላር፣ የ100 ፑት 5 ዶላር፣ የ110 ኮል 2 ዶላር፣ የ110 ፑት 11 ዶላር።

ፔይኦፍና ትርፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኮል አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ፑት ደግሞ የመሸጥ መብት ነው። ያ የተወሰነ ዋጋ ስትራይክ ይባላል፣ ለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ፕሪሚየም። ፔይኦፍ የምንለው መብቱ በማብቂያው ቀን የሚያወጣውን ዋጋ ነው። ስንት ከፍላችሁ እንደገዛችሁት አይመለከተውም። ከፔይኦፉ ላይ ፕሪሚየሙ ሲቀነስ ትርፉ ይገኛል።

የ100 ኮል በ6 ዶላር ገዛችሁ እንበል። አክሲዮኑ በማብቂያው ቀን 104 ላይ ዋለ። ፔይኦፉ 4 ዶላር ነው፤ 104 የሚያወጣውን በ100 ትገዛላችሁ። ትርፉ ግን 4 ሲቀነስ 6፣ ማለትም የ2 ዶላር ኪሳራ ነው። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ፔይኦፉ «አሁን ምን ላድርግ?» ለሚለው ነው። ትርፉ «በጠቅላላው ምን አገኘሁ?» ለሚለው።

ቀመሩ አጭር ነው። `S` አክሲዮኑ በማብቂያው ቀን ያለው ዋጋ፣ `K` ስትራይኩ ነው።

```
ኮል = max(S - K, 0)
ፑት = max(K - S, 0)
```

ግራፉን በእጄ ለመሳል ከየት ልጀምር?

አግድሙ መስመር ላይ የአክሲዮኑን የማብቂያ ቀን ዋጋ አስቀምጡ። ቀጥ ባለው ላይ ፔይኦፉን ወይም ትርፉን። ከዚያ ስትራይኮቹን አግድሙ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። መስመሩ የሚታጠፈው እዚያና እዚያ ብቻ ነው። በሁለት ስትራይኮች መካከል ምንጊዜም ቀጥ ያለ መስመር ነው።

ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ «አክሲዮኑ አንድ ዶላር ቢጨምር እኔ ስንት እጨምራለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተገዛ ኮል ከስትራይኩ በታች ዜሮ፣ ከስትራይኩ በላይ አንድ ዶላር ይጨምራል። የተገዛ ፑት ከስትራይኩ በታች አንድ ዶላር ይቀንሳል፣ ከዚያ በላይ ዜሮ። አክሲዮኑ ራሱ የትም ቦታ አንድ ዶላር ይጨምራል። የተሸጠ ነገር ምልክቱ ይገለበጣል። ብዙ ኦፕሽኖች ሲደባለቁ በየክፍሉ እነዚህን ቁጥሮች መደመር ነው። ሌላ ዘዴ አያስፈልግም።

የፔይኦፍ ግራፉ ካለቀ በኋላ የትርፍ ግራፉ ቀላል ነው። የከፈላችሁትን ጠቅላላ ፕሪሚየም ያህል መላውን መስመር ወደ ታች ታወርዱታላችሁ። የተቀበላችሁ ከሆነ ወደ ላይ ታነሱታላችሁ። ቅርጹ አይለወጥም፣ መታጠፊያውም ከስትራይኩ ንቅንቅ አይልም። አንድ ሰው የሳለው ግራፍ 106 ላይ ከታጠፈ ስትራይክና ብሬክኢቨን ተምታተውበታል ማለት ነው። ብሬክኢቨን ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ዋጋ ነው፤ እዚያ ላይ መስመሩ ዜሮን ያቋርጣል እንጂ አይታጠፍም።

ግራፉ 5 ዶላር ይላል፣ ሂሳቤ ላይ ግን 500 ነው። ለምን?

በአሜሪካ አንድ መደበኛ የአክሲዮን ኦፕሽን ኮንትራት 100 አክሲዮን ይይዛል። ግራፉ ላይ ያለው ለአንድ አክሲዮን ነው፣ ስለዚህ በ100 አባዙት። ከዚህ በታችም የኮንትራት ሂሳብ ካልሆነ በቀር በአንድ አክሲዮን ነው የምናወራው።

የስትራድል ግራፍ ለምን የV ቅርጽ ያዘ? ትርፍ የሚጀምረውስ የት ላይ ነው?

ስትራድል ማለት በአንድ ስትራይክና በአንድ የማብቂያ ቀን ኮልም ፑትም አብሮ መግዛት ነው። ከ100 በታች ፑቱ ይሠራል፤ አክሲዮኑ አንድ ዶላር በጨመረ ቁጥር አንድ ዶላር ታጣላችሁ። ከ100 በላይ ተራው የኮሉ ነው፤ አንድ ዶላር ሲጨምር አንድ ታገኛላችሁ። ቁልቁል ወርዶ 100 ላይ ታጥፎ ሽቅብ ሲወጣ V ይሆናል። ፔይኦፉ አክሲዮኑ ከ100 የራቀበት ርቀት ነው፣ ወዴትም ይራቅ።

ወጪው 6 ሲደመር 5፣ ማለትም 11 ዶላር ነው። ስለዚህ የV ጫፍ ከዜሮ ወደ −11 ይወርዳል። መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጠው 89 እና 111 ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ብሬክኢቨኖች ናቸው። ትርፍ ለማግኘት አክሲዮኑ በሦስት ወር ውስጥ ከ11 በመቶ በላይ መነቃነቅ አለበት። «ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሄድ አተርፋለሁ» የሚለው የተለመደ አባባል ይህን ክፍል ይዘለዋል። መሄዱ ብቻ አይበቃም፤ 11ዱን ማለፍ አለበት።

| አክሲዮኑ | ኮል | ፑት | ፔይኦፍ | ትርፍ |
|---|---|---|---|---|
| 80 | 0 | 20 | 20 | 9 |
| 89 | 0 | 11 | 11 | 0 |
| 100 | 0 | 0 | 0 | −11 |
| 107 | 7 | 0 | 7 | −4 |
| 125 | 25 | 0 | 25 | 14 |

ስትራድል ይዤ አክሲዮኑ በ89 እና በ111 መካከል ከዋለ ገንዘቤ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው?

አይደለም። ሙሉው 11 ዶላር የሚጠፋው አክሲዮኑ ልክ 100 ላይ ከዋለ ብቻ ነው። ሰንጠረዡ ላይ 107ን እዩ። ኪሳራ ነው፣ ግን ኮሉ 7 ዶላር ያወጣል። «ብሬክኢቨኑ አልደረሰም» ብሎ ኮሉን የተወ ሰው ከኪሱ በአንድ ኮንትራት 700 ዶላር ጥሏል። ኪሳራው ከ4 ወደ 11 ዶላር ያድግበታል።

ፔይኦፍና ትርፍን መለየት ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። ኦፕሽኑን ለመጠቀም ወይም ለመተው መለኪያው ስትራይኩ ነው። ፕሪሚየሙ ወጥቶ አልቋል፣ ትተዉትም ተጠቀሙበትም አይመለስም። በነገራችን ላይ በአሜሪካ የኦፕሽን ግብይቶችን የሚያወራርደው ድርጅት በማብቂያው ቀን ቢያንስ በአንድ ሳንቲም ዋጋ ያለውን ኦፕሽን ተቃራኒ መመሪያ ካልደረሰው በራሱ ያስፈጽማል። ያ ግን አክሲዮኑን ሊያስገዛችሁ ነው። የ100 ኮል አንድ ኮንትራት 10,000 ዶላር ይጠይቃል። ገንዘቡ ሂሳባችሁ ላይ ከሌለ ብዙ ብሮከሮች ኮሉን ገበያው ሳይዘጋ ይሸጡባችኋል። ራሳችሁ ቀድማችሁ ብትሸጡት ይሻላል።

ቡል ስፕሬድ ጣሪያ ካለው ለምን ተራ ኮል አልገዛም?

ቡል ስፕሬድ ዝቅ ያለውን ስትራይክ ገዝቶ ከፍ ያለውን መሸጥ ነው። የ100 ኮል በ6 ገዛችሁ፣ የ110 ኮል በ2 ሸጣችሁ፣ የተጣራው ወጪ 4 ዶላር ሆነ። ከ100 በታች መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ከ100 እስከ 110 ሽቅብ ይወጣል። ከ110 በላይ የገዛችሁት አንድ ሲጨምር የሸጣችሁት አንድ ስለሚበላው እንደገና ጠፍጣፋ ይሆናል። ፔይኦፉ ከ0 እስከ 10፣ ትርፉ ከ−4 እስከ +6 ነው። ብሬክኢቨኑ 104 ነው።

አሁን ሁለቱን የትርፍ ግራፎች አንድ ወረቀት ላይ ደራርቡ። አክሲዮኑ 108 ላይ ከዋለ ኮሉ ብቻውን 2 ያተርፋል፣ ስፕሬዱ 4። በ105 ኮሉ 1 ይከስራል፣ ስፕሬዱ 1 ያተርፋል። መስመሮቹ የሚገናኙት 112 ላይ ነው፤ እዚያ ሁለቱም 6 ያተርፋሉ። ከ112 በታች ስፕሬዱ ይበልጣል፣ ከዚያ በላይ ኮሉ። ስለዚህ ውሳኔው የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አክሲዮኑ ከ112 ያልፋል ብላችሁ ታምናላችሁ? «ይወጣል፣ ግን እንደዚያ አይተኮስም» የሚል ሰው ለማያምንበት ክፍል 2 ዶላር የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

በፑት የሚሠራ ቡል ስፕሬድም አለ ይባላል። በአንዱ እከፍላለሁ፣ በሌላው እቀበላለሁ። የትኛው ይሻላል?

የ110 ፑት በ11 ሸጣችሁ የ100 ፑት በ5 ብትገዙ 6 ዶላር እጃችሁ ይገባል። የፔይኦፍ ግራፉ ከኮሉ ስፕሬድ የተለየ ነው። ከ100 በታች −10 ላይ ተኝቷል፣ እስከ 110 እየወጣ ዜሮ ላይ ይደርሳል፣ እዚያው ይቀራል። ሁሉም ቦታ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ነው። የተቀበላችሁትን 6 ስትደምሩበት ግን ትርፉ ከ−4 እስከ +6፣ ብሬክኢቨኑም 104 ይሆናል። የኮሉ ስፕሬድ ራሱ!

ስለዚህ «ገንዘብ ቀድሞ ስለሚገባ ይሻላል» የሚለው አያስኬድም። በቀጥታ ገበያ ላይ ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ ገንዘቡን ሦስት ወር ቀድማችሁ ስለያዛችሁ የምትቀበሉት ወለዱን ያህል ያንሳል። በ4 በመቶ ዓመታዊ ወለድ 10 ዶላር ላይ 10 ሳንቲም ገደማ ነው። ለመምረጥ የሚጠቅመው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት የትኛው ላይ እንደሚጠብ ማየት ነው።

ፕሮቴክቲቭ ፑት ትርፌን ይቀንሳል ወይስ ኪሳራዬን ያስቀራል?

ሁለቱንም። አክሲዮኑን በ100 ይዛችሁ የ100 ፑት በ5 ትገዛላችሁ። ከ100 በታች አክሲዮኑ አንድ ሲወርድ ፑቱ አንድ ይጨምራል፣ ተደምረው ዜሮ፤ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ከ100 በላይ አክሲዮኑ ብቻውን ይሄዳል። ጠቅላላ ወጪው 105 ስለሆነ የትርፍ ግራፉ ወለል −5 ነው፣ ብሬክኢቨኑም 105። አክሲዮኑ 60 ቢገባም ኪሳራው 5 ነው። 130 ቢወጣ ትርፉ 25 ነው፣ ፑት ካልገዛው ሰው በ5 ያንሳል።

የ90 ፑት ብትገዙ ፕሪሚየሙ ይረክሳል፣ ወለሉ ግን ይርቃል። ከ100 እስከ 90 ያለው ውድቀት የራሳችሁ ነው። ልክ እንደ መኪና ኢንሹራንስ፣ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ ሲጨምር ክፍያው ይቀንሳል። አንድ የምጠነቀቅለት ነገር አለ። ወለሉ የሚሠራው ፑቱ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ 5 ዶላር እየከፈለ የሚያድስ ሰው በዓመት 20 ዶላር ይከፍላል። አክሲዮኑ ያን ያህል ካልወጣ ጥበቃው ራሱ ትርፉን ይበላዋል። አንድ የማብቂያ ቀን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ ላይ ይህ አይታይም።

አክሲዮኑን የገዛሁት ድሮ በ70 ነው። ግራፉ ይለወጣል?

ፔይኦፉ በጭራሽ አይለወጥም። የትርፍ መስመሩ ግን 30 ዶላር ወደ ላይ ይነሳል። ወለሉ ከ−5 ወደ +25 ይሄዳል፣ ብሬክኢቨን የሚባል ነገር አይኖርም። ታክስ ለማስላት ይህኛው ነው ትክክለኛው።

ፑት ልግዛ አልግዛ ለሚለው ውሳኔ ግን ከ70 መጀመር አሳሳች ነው። ያ 30 ዶላር አክሲዮኑን ዛሬ ብትሸጡትም ይገኛል፣ ፑቱ ያመጣው አይደለም። ለውሳኔው መነሻው የዛሬው 100 ነው።

የፕሮቴክቲቭ ፑት ግራፍ የኮል ግራፍ ይመስላል። ታዲያ 105 ዶላር ለምን አስራለሁ?

ትክክል አይታችኋል። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ 100 ላይ መታጠፊያ፣ ከዚያ ሽቅብ። የኮሉ ወለል −6 ነው፣ የፕሮቴክቲቭ ፑቱ −5። ያቺ አንድ ዶላር ከየት መጣች? ከወለድ ነው። 105 ዶላር ያለው ሰው በ6 ዶላር ኮል ገዝቶ ቀሪውን 99 በአሜሪካ መንግሥት የሦስት ወር የግምጃ ቤት ሰነድ ቢያስቀምጠው፣ በ4 በመቶ ዓመታዊ ወለድ 100 ገደማ ይሆናል። አክሲዮኑ ከ100 በላይ ከዋለ በዚያ 100 ኮሉን ተጠቅሞ አክሲዮኑን ይወስዳል። ከ100 በታች ከዋለ 100 ዶላሩን ይዞ ይቀራል። የፕሮቴክቲቭ ፑት ባለቤትም የሚደርሰው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ኮሉን ቢመርጥ ያስኬዳል። አክሲዮኑን ቀድሞ የያዘ ግን ለመሸጥ የትርፍ ታክስ ይከፍላል፣ ዲቪደንዱም ይቀርበታል። ፑቱ ጥሩ የሚሆነው ለእሱ ነው።

ስትራድል የሚሸጥ ሰው ግራፉ ተገልብጦ 11 ዶላር ትርፍ ያሳያል። ብዙ ጊዜ አያዋጣም?

ብዙ ጊዜ ሊያዋጣ ይችላል። ግራፉ ግን የተገለበጠ V ነው፣ ሁለቱም እግሮቹ ቁልቁል ይወርዳሉ። ወደ ታች አክሲዮኑ ዜሮ እስኪገባ፣ ወደ ላይ ደግሞ ማቆሚያ የለም። ትርፉ ከ11 አያልፍም።

ኒክ ሊሰን ለብሪታንያው ባሪንግስ ባንክ በሲንጋፖር ሲሠራ በኒኬይ 225 ኢንዴክስ ላይ ስትራድል ይሸጥ ነበር። የጃፓን ገበያ ካልተንቀሳቀሰ ፕሪሚየሙ የእሱ ነው። ጥር 1995 በአውሮፓ አቆጣጠር 17ኛው ቀን ላይ የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፣ ኢንዴክሱም ወረደ። ሊሰን በዚያ ላይ ኢንዴክሱ ይመለሳል ብሎ ፊውቸርስ የሚባሉ የወደፊት ግዢ ውሎችን በብዛት ገዛ፤ የኪሳራው ትልቁ ክፍል የመጣው ከዚያ ነው። በየካቲት መጨረሻ ከ1762 ጀምሮ የቆየው ባንክ ከ800 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከስሮ ወደቀ። አይኤንጂ የተባለው የሆላንድ ድርጅት በአንድ ፓውንድ ገዛው።

አክሲዮኑ የቡል ስፕሬዴን ጣሪያ አልፏል፣ ስልኬ ላይ ግን ሙሉው ትርፍ አይታይም። ግራፉ ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። እስካሁን ያየናቸው ግራፎች ሁሉ የአንድ ቀን ሥዕል ናቸው፣ የማብቂያው ቀን። ከዚያ በፊት ኦፕሽኖቹ ገና ጊዜ ስላላቸው መስመሩ ክብ ክብ ያለ ነው፣ ሹል መታጠፊያ የለውም። ስፕሬዱን ገዝታችሁ በወሩ አክሲዮኑ 115 ቢገባ ስፕሬዱ 8 ዶላር ገደማ ያወጣል እንጂ 10 አያወጣም። የሸጣችሁት የ110 ኮል ሁለት ወር ስለቀረው ገና ውድ ነው። ቀሪው 2 ዶላር የሚመጣው አክሲዮኑ እዚያው ከቆየ፣ ጊዜው ሲያልቅ ነው።

ስትራድል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይደርሳል። ከኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርት ዋዜማ በ11 ገዛችሁ፣ በማግስቱ አክሲዮኑ 108 ገባ። ገበያው የሚገምተው መዋዠቅ በዓመት 28 በመቶ ከነበረበት ካልተነካ ስትራድሉ 13.70 አካባቢ ያወጣል። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ግን ግምቱ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ወደ 20 በመቶ ከወረደ ስትራድሉ 11.20 አካባቢ ነው። አክሲዮኑ 8 በመቶ ዘሎ እናንተ ያገኛችሁት 20 ሳንቲም ነው። የማብቂያ ቀን ግራፍ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም፣ መዋዠቅ የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

ስፕሬድ ይዤ ዝም ብዬ ባስጨርሰው ከ4 ዶላር በላይ ልከስር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰውም የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ግራፉ ሁለቱ ኦፕሽኖች በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ዋጋ ይዘጋሉ ብሎ ነው የተሳለው። በተግባር የሸጣችሁትን ኮል መጠቀም አለመጠቀም የሚወስነው ገዢው ነው። በአሜሪካ ገበያው የሚዘጋው በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የኦፕሽን ባለቤት ግን እስከ 11 ሰዓት ተኩል መወሰን ይችላል፤ አንዳንድ ብሮከር ከዚያ ቀደም ያለ ቀጠሮ አለው።

አርብ አክሲዮኑ 110.20 ላይ ዘጋ እንበል። ግራፉ የኮንትራቱ ትርፍ 600 ዶላር ነው ይላል። ገበያው ከተዘጋ በኋላ መጥፎ ዜና ወጣ፣ አክሲዮኑም በድኅረ ገበያ ወረደ። የ110 ኮል ባለቤቱ «አልፈልግም» ብሎ መመሪያ ሰጠ። የእናንተ የ100 ኮል ግን በራሱ ተፈጸመ፣ 100 አክሲዮን በ10,000 ዶላር ተገዛላችሁ። የሚረከባችሁ የለም። ሰኞ አክሲዮኑ 98 ላይ ከፈተ። በአክሲዮኑ 200፣ በፕሪሚየሙ 400፣ በድምሩ 600 ዶላር ከሰራችሁ። አርብ ማታ ትርፍ የነበረው ሰኞ ጠዋት ያንኑ ያህል ኪሳራ ሆነ፣ ያውም ግራፉ ከ400 አያልፍም ባለው ላይ።

መከላከያው ቀላል ነው። አክሲዮኑ የሸጣችሁት ስትራይክ አካባቢ ከሆነ አርብ ገበያው ሳይዘጋ ሁለቱንም ኦፕሽን በአንድ ትእዛዝ ዝጉ። ከ10 ዶላሩ ጥቂት ሳንቲም ታጣላችሁ። በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ እንደሚሸጠው SPX ያሉ የኢንዴክስ ኦፕሽኖች ላይ ይህ ችግር የለም። የሚተሳሰቡት በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ለሁለቱም ስትራይክ የሚያገለግለው የመጨረሻ ዋጋ አንድ ነው፣ ከማብቂያው በፊትም ማንም ሊያስፈጽማቸው አይችልም።